የቅዳሜው ገበያ የዓመት ሆኖ ሲቆጠር

በ2009 ክረምት በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ብዙ ነጋዴዎች የቀን ገቢ ግምቱ በዛብን ብለው በየግብር ጽሕፈት ቤቱ ተሰልፈው ነበር። ከሰልፈኛው ብዙው ይዞት የሚሄደው ቃል አንድ ነው፤ «አቅሜ አይችልም» የሚል። አቤቱታው እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የንግድ ግብር ደረጃ የሚወሰነው በነጋዴው አቅም አይደለም፣ በዓመት ሽያጩ ነው። ስለዚህ ደረጃዬ ይስተካከልልኝ የሚል ሰው መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ስህተቱ የተፈጠረው የት ላይ እንደሆነ ነው።

በ2008 በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ግለሰብ ነጋዴዎች በሦስት ተከፍለው ነበር። ዓመታዊ ጠቅላላ ገቢው 1,000,000 ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ደረጃ ሀ፣ ከ500,000 ጀምሮ ሚሊዮን ያልሞላ ደረጃ ለ፣ ከ500,000 በታች የሆነ ደግሞ ደረጃ ሐ ነበር። ጠቅላላ ገቢ የሚለው ቃል ብዙ ሰው አሳስቷል። ባለሱቅ ገቢዬ ሲል ከወጪ ተርፎ ኪሱ የገባውን ማለቱ ነው፤ ሕጉ ግን የሚያየው የተሸጠውን ሁሉ ነው። ደረጃ ሐ ግብሩን በቁርጥ ይከፍል ነበር፣ የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታም አልነበረበትም። ደረጃ ሀ ላይ የተቀመጠ ግን የሀብትና ዕዳ መግለጫ፣ የትርፍና ኪሳራ ሂሳብ፣ ደረሰኝ ሁሉ ይጠየቃል። የሐ ነጋዴ በስህተት ሀ ሲባል ትልቁ ጉዳት ይህ ነበር። ያልያዘውን መዝገብ አምጣ ይባል ነበር፤ ማምጣት ሲያቅተው ግብሩ በግምት ይወሰንበት፣ ቅጣትም ይከተለው ነበር።

አንዲት ባለሱቅ በምሳሌ እንውሰድ። ገበያው ቅዳሜ በሚውልበት አነስተኛ ከተማ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙናና ጨው ትሸጣለች። ገማቾቹ መጥተው «እናቴ፣ በቀን ምን ያህል ይሸጣሉ?» አሏት። «ዛሬ እንኳ አራት ሺህ ይሆናል» አለች፤ ጻፉ፣ ፈረመች። ከወራት በኋላ የደረሳት ወረቀት 4,000 ብር በ300 የሥራ ቀን ተባዝቶ 1,200,000 ብር፣ ደረጃ ሀ ይላል።

እዚህ ላይ 4,000 ብር ውሸት አይደለም። እሷም አልዋሸችም፣ ገማቾቹም ቁጥር አልፈጠሩም። ስህተቱ ያለው 300 በሚለው ቁጥር ላይ ነው። ገማቾቹ የመጡት ቅዳሜ ነበር፤ የገበያ ቀን ሽያጭ የሁሉም ቀን ሽያጭ ሆኖ ተባዛ። ስለዚህ ከማናቸውም ማስረጃ በፊት መጠየቅ ያለባት የግምቱን ቅጽ ቅጂ ነው። በቅጹ ላይ የተጻፈው ቀን በቀን መቁጠሪያ ሲታይ ቅዳሜ ሆኖ ከተገኘ የክርክሯ እግር ቆመ ማለት ነው።

ቀጥሎ ትክክለኛውን ስሌት ራሷ ትሠራለች። በዓመት 52 የገበያ ቀን አለ፤ በ4,000 ሲባዛ 208,000 ብር። የቀረው 248 የሥራ ቀን በአማካይ 900 ብር ያስገባል፤ 223,200 ብር። ድምሩ 431,200 ነው። እዚህ ላይ ማቆም ግን አይገባትም። የዓውደ ዓመት ሰሞን ገበያ እጥፍ ይሆናል፤ እሷ ካልጠቀሰችው መርማሪው ይጠቅሰዋል፣ ያን ጊዜ ሌላውም ቁጥሯ ይጠረጠራል። ስድስት የበዓል ቅዳሜ በ8,000 ብር ብታስብ 24,000 ይጨምርና 455,200 ይሆናል። ከ500,000 በታች ስለሆነ በ2008ቱ አዋጅ ቦታዋ ደረጃ ሐ ነው። ስሌቱ 560,000 ቢያመጣ ኖሮ በሐቅ መጠየቅ የነበረባት ሐን ሳይሆን ለን ነው።

ይህ ስሌት ግን የራሷ ቃል ብቻ ነው፤ ከሌላ ወገን በመጣ ወረቀት መመሳከር አለበት። ለሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴ ጠንካራው ወረቀት የግዥ ደረሰኝ ነው፤ ያልገዛችውን ልትሸጥ አትችልምና። ከጅምላ አከፋፋይ በዓመቱ የገዛችው 410,000 ብር ቢሆንና በአማካይ አሥር በመቶ ጨምራ ብትሸጥ ሽያጯ 451,000 ብር ግድም ይመጣል፤ ከላይ ካገኘነው ጋር ይቀራረባል። ዓመቱ ሲጀመርና ሲያልቅ በሱቁ የነበረው ዕቃም ብዙ የማይለያይ መሆኑን ማሳየት ይኖርባታል፤ አለዚያ ግዥና ሽያጭ አይነጻጸሩም። ሁለቱ ስሌቶች በሰፊው ከተራራቁ ወይ ደረሰኝ ጎድሏል፣ ወይ የቀን ግምቷ ልክ አይደለም። ያንን ሳያጠሩ ወደ ቢሮ መሄድ ራስን ማጋለጥ ነው። የባንክ ደብተርም ከቀረበ የደረሳት ዕቁብ ከሽያጭ ተለይቶ መገለጽ አለበት፤ ካልተገለጸ ገንዘቡ ሁሉ ሽያጭ ይመስላል።

ብዙ ሰው እውነት ይዞ የሚሸነፈው ግን በጊዜ ነው። የደረጃ ይስተካከልልኝ ጥያቄና የግብር ውሳኔ ተቃውሞ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። ባለሱቋ የደረጃ ማመልከቻዋን አስገብታ «እየታየ ነው» ተብላ ስትጠብቅ፣ ይህን ያህል ብር ክፈይ የሚል የግብር ውሳኔ ቢደርሳት፣ ያ ውሳኔ የራሱን ቀን መቁጠር ይጀምራል። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ተቃውሞ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ነው። የመጀመሪያው ማመልከቻ መልስ አለማግኘቱ ይህን ቀን አያቆመውም። ስለዚህ ውሳኔውን የተቀበለችበትን ቀን ወረቀቱ ላይ ትጻፍ፤ ተቃውሞዋንም በመዝገብ ቤት አስገብታ በቅጂው ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር ታስመታ። ለኃላፊው በቃል የተነገረ አቤቱታ ከ21 ቀን በኋላ ምስክር የለውም።

ተቃውሞው ላይ «ይቀነስልኝ» ብላ አትጻፍ። ይቀነስልኝ የምሕረት ጥያቄ ነው። «ግምቱ የተወሰደው በገበያ ቀን ስለሆነና ለዓመቱ 300 ቀን ሁሉ ስለተባዛ፣ በተያያዘው ስሌትና የግዥ ደረሰኝ መሠረት ይታረምልኝ» ማለት ግን መርማሪው ሊያጣራው የሚችል ነገር መስጠት ነው። የማትከራከርበትን የግብር ክፍል ደግሞ መክፈል አለባት፤ ይህ ካልሆነ ተቃውሞው ተቀባይነት አያገኝም።

በተቃውሞው ላይ አጥብቆ መሥራት የሚበጅበት ምክንያት አለ። ተቃውሞዋ ውድቅ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ብትሄድ፣ ከምትከራከርበት ግብር ግማሹን ማስያዝ ይጠበቅባታል። የሚያከራክራት 40,000 ብር ቢሆን 20,000 ብር ከሱቁ ካፒታል ወጥቶ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ተቃውሞ ላይ ግን ይህ ማስያዣ የለም።

በ2017 በወጣው ማሻሻያ ደረጃዎቹ ሁለት ሆነዋል፤ ወሰኑም 2,000,000 ብር ነው። የባለሱቋ 1,200,000 ብር ዛሬ ቢጻፍ ሀ አያሰኛትም፣ ለ ውስጥ ትቀራለች። ሆኖም የደረጃ ለ ግብር የሚታሰበው ከሽያጭ ላይ ስለሆነ፣ የተጋነነው ሽያጭ የደረጃ ስህተት መሆኑ ቀርቶ በቀጥታ የተጋነነ ግብር ይሆናል። ያ የቅዳሜ ቀን የተጻፈበት ቅጽ አሁንም መታየት አለበት።