ከአይጥ ጣፊያ የተገኘው የጡት ካንሰር መድኃኒት

ትራስቱዙማብ የሚባል የካንሰር መድኃኒት አለ። ብዙዎች የሚያውቁት ሄርሴፕቲን በሚለው የንግድ ስሙ ነው። አንዳንድ የጡት ካንሰር ሕሙማን ብዙውን ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥር ይወስዱታል። እንደ አብዛኞቹ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ከተለያዩ ኬሚካሎች የተቀመመ አይደለም፤ የሕያው ሕዋስ ሥራ ነው፤ የመጀመሪያዋ ሠሪም አይጥ ነበረች። የአይጥን ሥራ የሰው ሰውነት እንዲቀበለው ለማድረግ የተደከመበት መንገድ እንዲህ ያሉት መድኃኒቶች እንዴት እንደሚሠሩ ጭምር ያስረዳናል።

ባዕድ ነገር ሰውነታችን ውስጥ ሲገባ ቢ-ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት አንቲቦዲ የተባለ ፕሮቲን ያመነጫሉ። አንቲቦዲ ቅርጹ እንደ ባላ እንጨት ነው። ሁለቱ ቅርንጫፎች ጫፋቸው ላይ ባዕዱን ነገር ለይተው ይይዛሉ። ግንዱ ደግሞ ሌሎቹን የመከላከያ ሕዋሳት ይጠራል፤ አንቲቦዲው በደም ውስጥ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይም ይወስናል። አንባቢ ይህን የሥራ ክፍፍል ይያዝልን፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ቢ-ሴል የሚሠራው አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ነው። በደማችን ውስጥ ግን የብዙ ቢ-ሴሎች ምርት ተቀላቅሎ ይገኛል። ለመድኃኒት የሚፈለገው ደግሞ አንድ ወጥ የሆነ፣ አንድ ዒላማ ብቻ የሚይዝ ነው። አንዱን ቢ-ሴል ለይቶ ማርባት መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ቢ-ሴል ከሰውነት ወጥቶ በሳህን ላይ ሲቀመጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል።

ይህን ችግር የፈቱት እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ በሚገኘው የሞለኪዩላር ባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት ጀርመናዊው ጆርጅ ከለርና በአርጀንቲና የተወለደው ሴሳር ሚልስታይን ናቸው። ሥራቸውን ያሳተሙት በ1975 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አይጧን የበግ ቀይ የደም ሕዋስ ወጓት። የአይጧ ሰውነት አንቲቦዲ ማምረት ሲጀምር ቢ-ሴሎች በብዛት የሚገኙበትን ጣፊያዋን አወጡ። ከዚያም የጣፊያውን ሕዋሳት ማየሎማ ከሚባል የአይጥ ካንሰር ሕዋሳት ጋር አዋሐዱ። የካንሰር ሕዋስ ያለማቋረጥ ይራባል፤ ቢ-ሴል ደግሞ አንቲቦዲውን መሥራት ያውቅበታል። ሁለቱን ችሎታ የወረሰው ድቅል ሕዋስ ሃይብሪዶማ ተባለ። ሁለቱም በ1984 የኖቤል ሽልማትን ከኒልስ ጄርነ ጋር ተካፈሉ።

ነገር ግን ሕዋሳቱን ሲቀላቅሏቸው የሚዋሐዱት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ያልተዋሐደው ማየሎማ ካልተወገደ ሳህኑን ሞልቶ ድቅሉን ያጠፋዋል። ማጣሪያው በብልሃት የተሠራ ነው። ማንኛውም ሕዋስ ለመራባት አዲስ ዲኤንኤ መሥራት አለበት፤ ለዚህም ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ከመሠረቱ መሥራት ነው፤ ሌላው ከአሮጌ ዲኤንኤ የተረፈውን መልሶ መጠቀም ነው። አሚኖፕቴሪን የተባለ መድኃኒት የመጀመሪያውን መንገድ ይዘጋል። ለሥራው የሚመረጡት የማየሎማ ሕዋሳት ደግሞ ለሁለተኛው መንገድ የሚያስፈልገው ኢንዛይም የሌላቸው ናቸው። ስለዚህ አሚኖፕቴሪን ባለበት ምግብ ውስጥ ማየሎማው መራቢያ ያጣል። ቢ-ሴሉ ኢንዛይሙ አለው፤ ሆኖም ዕድሜው አጭር ነውና በራሱ ጊዜ ያልቃል። በሕይወት የሚቀረው ኢንዛይሙን ከቢ-ሴል፣ መራባቱን ከማየሎማ ያገኘው ሃይብሪዶማ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። የተረፉት ሕዋሳት 96 ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት ሳህን ላይ እጅግ ቀጥነው ይዘራሉ፤ በአማካይ በአንድ ጉድጓድ ከአንድ ሕዋስ እንዳይበልጥ ይደረጋል። ከእያንዳንዱ ጉድጓድ ፈሳሽ ይቀዳና የተፈለገውን ዒላማ የሚይዝ አንቲቦዲ እንዳለበት ይመረመራል። ስሕተት የሚገባው እዚህ ነው። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ሕዋሳት ወድቀው ከነበረ፣ አንቲቦዲ የማይሠራው ፈጥኖ ይራባና ሠሪውን ይውጠዋል። ሃይብሪዶማ የሁለት ሕዋስ ክሮሞዞም ስለተሸከመም ሲከፋፈል አንዳንዱን ይጥላል፤ የአንቲቦዲው ጂን ያለበት ከወደቀ ሕዋሱ ጤነኛ መስሎ እየተራባ ምርቱን ያቆማል። ይህ በዓይን አይታይም፤ የሚታወቀው ምርመራው እየተደጋገመ ውጤቱ ሲደክም ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ሕዋሱን ደግመው ነጥለው ይዘሩታል፤ ቀደም ብለውም ከፊሉን በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዘው ያስቀምጡታል።

ወደ ጡት ካንሰሩ እንመለስ። ሄር2 በሕዋስ ገጽ ላይ የሚቀመጥና ሕዋሱ እንዲያድግ ምልክት የሚያስተላልፍ ፕሮቲን ነው። በ1987 አሜሪካዊው ሐኪም ዴኒስ ስላሞንና ባልደረቦቹ የዚህ ፕሮቲን ጂን በአንዳንድ የጡት ካንሰር ዕጢዎች ውስጥ ከልክ በላይ ተባዝቶ እንደሚገኝና የእነዚህ ሴቶች በሽታም ቶሎ እንደሚመለስ አሳዩ። ጄኔንቴክ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ተመራማሪዎች በገጻቸው ላይ ሄር2 የበዛባቸውን ሕዋሳት አይጦችን ወግተው፣ ቀደም ሲል በተነገረው መንገድ ሃይብሪዶማዎችን ሠሩ። ከመካከላቸው 4ዲ5 የሚል ቁጥር የተሰጠው አንቲቦዲ በሳህን ላይ ያሉ የካንሰር ሕዋሳትን እድገት የሚገታ ሆኖ ተገኘ።

አንቲቦዲው ግን የአይጥ ነበር። የአይጥ አንቲቦዲ ለሰው ሲሰጥ ምን እንደሚሆን በጊዜው በደንብ ይታወቅ ነበር። በ1986 በአሜሪካ የተፈቀደው የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት መድኃኒት፣ የተተከለ ኩላሊት እንዳይጣል የሚሰጠው ኦኬቲ3፣ የአይጥ ነበርና ብዙ ሕሙማን በእርሱ ላይ የራሳቸውን አንቲቦዲ አመረቱበት። እንዲህ ሲሆን መድኃኒቱ ሁለተኛ ጊዜ ሲሰጥ ወይ ሥራ አጥቶ ይቀራል ወይ አለርጂ ያስነሳል። ሌላም ጉድለት አለ። የሰውን አንቲቦዲ ከመፍረስ የሚያድነው ተቀባይ የአይጡን ግንድ በደንብ ስለማይዘው፣ የሰው አንቲቦዲ ሦስት ሳምንት ያህል በሚቆይበት ደም ውስጥ የአይጡ በጥቂት ቀናት ያልቃል። የሰው ገዳይ ሕዋሳትም በአይጥ ግንድ በሚገባ አይጠሩም።

የመጀመሪያው መፍትሔ ግንዱን በሰው ግንድ መለወጥ ነበር። በ1984 የአይጥ ጫፍና የሰው ግንድ ያለው ቅይጥ አንቲቦዲ ተሠራ። ሆኖም ጫፉ በሙሉ የአይጥ ስለሆነ ባዕድነቱ አልጠፋም። በ1986 ግሬግ ዊንተርና ባልደረቦቹ እዚያው ካምብሪጅ አንድ እርምጃ ጨመሩ። በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ዒላማውን በቀጥታ የሚነኩት ስድስት ትንንሽ ጥምዝ የፕሮቲን ክፍሎች ብቻ ናቸው፤ የቀረው እነሱን ደግፎ የሚይዝ ነው። ስለዚህ የስድስቱን ጥምዞች ቅንብር ከአይጡ ወስደው በሰው አንቲቦዲ ላይ ተከሉ።

የጄኔንቴኩ ፖል ካርተርና ባልደረቦቹ በ1992 ያሳተሙት ሥራ ይህ መንገድ የት ላይ እንደሚሰናከል አሳይቷል። የ4ዲ5ን ስድስት ጥምዞች ብቻ በሰው አንቲቦዲ ላይ የተከሉበት የመጀመሪያው ሙከራ ሄር2ን ያዘ፤ የካንሰር ሕዋሳቱን እድገት ግን አልገታም። ምክንያቱ ከጥምዞቹ ሥር ነው። ከድጋፉ ክፍል አንዳንድ አሚኖ አሲዶች ጥምዞቹን ከታች ደግፈው ቅርጻቸውን ይወስናሉ፤ እነሱ በሰው አቻዎቻቸው ሲተኩ ጥምዞቹ ጥቂት ይዘነበላሉ። ተመራማሪዎቹ የፕሮቲኑን ቅርጽ በኮምፒዩተር አስልተው፣ ቅርጹን ይወስናሉ ያሏቸውን ጥቂት የአይጥ አሚኖ አሲዶች ብቻ እየመለሱ ሰባት ተጨማሪ ዓይነቶች ሠሩ። ስምንተኛው ከመጀመሪያው 250 ጊዜ፣ ከአይጡ ከራሱም ሦስት ጊዜ አጥብቆ ያዘ። እድገትን በመግታት ከአይጡ ጋር ተስተካከለ፤ ገዳይ ሕዋሳትን በመጥራት ደግሞ በብዙ በለጠው። ትራስቱዙማብ የምንለው ይህንኑ ስምንተኛ ነው። ዛሬ የሚመረተውም በአይጥ አይደለም፤ ጂኑ ከሃምስተር እንቁላል ዕጢ በተገኙ ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ በትልልቅ የብረት ጋኖች ይረባል።

በሰውነት ውስጥ ሥራው ሁለት ነው። በጫፎቹ ሄር2ን ሲይዝ ፕሮቲኑ የሚያስተላልፈው የእድገት ምልክት ይዳከማል። በግንዱ ደግሞ ተፈጥሯዊ ገዳይ የሚባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ይጠራል፤ እነሱም መጥተው አንቲቦዲ የተለጠፈበትን ሕዋስ ይበሱታል። በጤነኛ ሕዋስ ገጽ ላይ ሄር2 ጥቂት ስለሆነ ጥቃቱ በአብዛኛው ካንሰሩ ላይ ያርፋል። መድኃኒቱ ፕሮቲን ነውና በአፍ ቢወሰድ እንደ ምግብ ይፈጫል፤ በመርፌ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ በአሜሪካ በ1998 ተፈቀደ። በ2001 በታተመው ጥናት በሽታቸው የተሰራጨባቸው 469 ሴቶች ተካተው ነበር። ኬሞቴራፒ ብቻ የወሰዱት በአማካይ 20.3 ወር ሲኖሩ፣ ትራስቱዙማብ የተጨመረላቸው 25.1 ወር ኖሩ። ያው ጥናት ያልታሰበ ጉዳትም ገለጠ። የልብ ጡንቻ ሄር2ን ለራሱ ጥገና ይፈልገዋል፤ ትራስቱዙማብን ከዶክሶሩቢሲንና ከመሰሎቹ ጋር አንድ ላይ ከወሰዱት 27 በመቶ ያህሉ የልብ ድካም ወይም የልብ ሥራ መዳከም ታየባቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በአንድ ጊዜ በአብዛኛው አይሰጡም፤ የታካሚዋ ልብም ከሕክምናው በፊትና በየሦስት ወሩ ገደማ በአልትራሳውንድ ይታያል። ሌላው ገደብ አንጎል ነው፤ አንቲቦዲ ትልቅ ሞለኪውል ስለሆነ ከደም ወደ አንጎል እንደልብ አያልፍም።

መድኃኒቱ ዒላማው በሌለበት አይሠራም። ከጡት ካንሰሮች ሄር2 የበዛባቸው ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል ናቸው። ይህ የሚታወቀው ከዕጢው በተወሰደ ናሙና ላይ ቀለም ተቀብቶ ሲመረመር ነው፤ ውጤቱም ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል። 3 ከሆነ ዒላማው አለ ማለት ነው፤ 0 እና 1 ከሆነ ትራስቱዙማብ አይታዘዝም፤ 2 ግን መልስ አይደለም፤ ጂኑ መብዛቱን የሚቆጥር ሁለተኛ ምርመራ ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ትራስቱዙማብን በ2015 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ አስገብቶታል፤ በ2019 ደግሞ በሌላ አምራች የተሠራውን ተመሳሳዩን መርምሮ አጽድቋል። እናትዎ፣ እኅትዎ ወይም እርስዎ ራስዎ የጡት ካንሰር እንዳለብዎ ከተነገረዎት፣ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የሄር2 ውጤት ስንት እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ 2 ከተባለ ደግሞ ሁለተኛው ምርመራ መደረጉን ሳያረጋግጡ አይለፉ።