ምግብ ከደረት አጥንት ኋላ ሲቀረቀር

(በካምፓችን ሬዲዮ የጤና ዝግጅት ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

በዛሬው ዝግጅታችን ብዙ ሰው «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ስለሚያልፈው አንድ ችግር እንነጋገራለን። ይኸውም የተዋጠ ምግብ ከደረት አጥንት ኋላ ሲቆምና አልወርድ ሲል ነው።

ምግብ ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ የሚወርደው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የምግብ ቧንቧ ነው። ዝም ብሎ አይወድቅም። የቧንቧው ጡንቻ ከላይ ወደ ታች እየጨመቀ ይገፋዋል፤ ከታች በኩል ያለው መዝጊያም ተከፍቶ ወደ ጨጓራ ያሳልፈዋል። ይህን ሥራ የሚያዙት ነርቮች ናቸው። ስለዚህ ምግብ ሲቀረቀር ወይ ቧንቧው ጠቧል፣ ወይም ጡንቻውና ነርቩ ሥራቸውን አልሠሩም ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት በጣም የሚረዳ አንድ ጥያቄ አለ፦ መጀመሪያ ያስቸገረው ጠጣር ምግብ ብቻ ነው ወይስ ከመነሻው ውኃም ጭምር?

ቃር ጠባሳ ሲተው

እስቲ በምሳሌ እንየው። አንዲት የ55 ዓመት እናት ለብዙ ዓመታት ቃር ያስቸግራቸው ነበር እንበል። ማታ ሲተኙ ደረታቸውን ያቃጥላቸዋል፤ ኮምጣጣ ውኃም ወደ አፋቸው ይመለሳል። ከሱቅ የሚገዙትን የጨጓራ ክኒን እያኘኩ ቆዩ። ከዚያ ቃሩ ቀነሰላቸው፤ «ተመስገን፣ ተሻለኝ» አሉ። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ሥጋና ደረቅ ቂጣ ደረታቸው ላይ ይቆም ጀመር። ከጥቂት ወራት በኋላ ኡጋሊም ያለ ውኃ አልወርድ አላቸው። በሰው ፊት እንዳያስመልሳቸው ስለሚያፍሩ ለብቻቸው መብላት ጀመሩ። ልጃቸው ነገሩን ያወቀችው መቀነታቸው ሲሰፋባቸው አይታ ነው።

በእኚህ እናት ላይ የደረሰው ምንድን ነው? የጨጓራ አሲድ ለዓመታት ወደ ላይ እየተመለሰ የምግብ ቧንቧቸውን የታችኛውን ጫፍ አቆሰለው። ቁስሉ እየዳነ እንደገና ሲቆስል ጠባሳ ተወ። በእሳት የተቃጠለ ቆዳ ሲድን እንደሚኮማተር ሁሉ ይህም ጠባሳ ቧንቧውን አጠበበው። ጤናማ ቧንቧ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይለጠጣል። ወደ 13 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ሲጠብ ግን ጠጣር ምግብ መቆም ይጀምራል። ውኃና ሾርባ በጠባብም ያልፋሉና ሰውየው ችግሩን ሳይናገር ይቆያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ጠባሳው ሲጠብ አሲዱ ወደ ላይ መመለሱ ሊቀንስ ስለሚችል ቃሩም ይቀንሳል። ስለዚህ ቃር ቀርቶ ምግብ መቀርቀር ከጀመረ ሕመሙ ድኗል ማለት አይደለም።

ሕክምናው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በሪፈር ሆስፒታል ኢንዶስኮፒ በሚባል መብራት ባለው ቀጭን መሣሪያ ውስጡን አይቶ የጠበበውን ቦታ ቀስ በቀስ ማስፋት ነው። ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን አያልቅም፤ በሳምንታት ልዩነት ሊደገም ይችላል። ሁለተኛው አሲዱን የሚቀንስ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ መድኃኒት ነው። ይህም ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት የሚዋጥ ሲሆን መጠኑንና የሚወሰድበትን ጊዜ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ቧንቧው ሰፍቶ መድኃኒቱ ከተቋረጠ ጠባሳው ተመልሶ ሊጠብ ይችላል።

ካንሰር ሊሆን ይችላል ወይ?

አዎን፣ ሊሆን ይችላል። በምሥራቅ አፍሪካ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከብዙ የዓለም ክፍሎች ይልቅ ይበዛል፤ ወጣቶችንም ይይዛል። እሱም እንደ ጠባሳው ከጠጣር ይጀምርና ወደ ለስላሳ ምግብ፣ በመጨረሻም ወደ ውኃ ይደርሳል። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነቱ ነው። ጠባሳ በወራትና በዓመታት ሲጠብ ካንሰር በሳምንታትና በጥቂት ወራት ይብሳል፤ ሰውነትንም ቶሎ ያከሳል። ሆኖም በስሜት ብቻ መለየት አይቻልም። ከቦታው ትንሽ ሥጋ ተወስዶ መመርመር አለበት። ቀድሞ የመጣ ሰው የሕክምና ዕድሉ የሰፋ ነው።

ነርቭ ሲደክም

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውኃም ምግብም እኩል የሚያስቸግር ከሆነ ነርቭን እንጠረጥራለን። አካላዢያ በሚባለው በሽታ በቧንቧው ግድግዳ ያሉት ነርቮች ይሞታሉ። ጡንቻው መግፋት ያቆማል፤ የታችኛውም መዝጊያ አይከፈትም። የተበላው ምግብ እዚያው ተጠራቅሞ ሌሊት ሲተኙ ሳይፈጭ ወደ አፍ ይመለሳል፤ ትራስ ላይም ይገኛል። ወደ ሳንባም ሊገባ ስለሚችል ሰውየው ሌሊት ያስለዋል፤ ይከሳል። ሳልና ክሳት ሲታይ መጀመሪያ ሳንባ ነቀርሳ መመርመሩ ትክክል ነው። ነገር ግን የአክታው ምርመራ ነጻ ከሆነና ምግብ የሚቀረቀር ከሆነ ይህንንም ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። መዝጊያውን በፊኛ በመለጠጥ ወይም በቀዶ ሕክምና በመክፈት ይታከማል።

ሌላው የነርቭ ችግር በስትሮክ የሚመጣው ነው። እዚህ ላይ ምግቡ የሚያስቸግረው ደረት ላይ ሳይሆን ገና ጉሮሮ ላይ ነው። በሽተኛው ሲውጥ ትን ይለዋል፣ ያስለዋል፣ ውኃው በአፍንጫው ይመለሳል፣ ከጠጣ በኋላም ድምፁ ይጎረናል። አፉ ለተጣመመ ወይም በአንድ ጎኑ ለሰነፈ ሰው ጤና ባለሙያ መዋጡን ሳያይ ውኃም፣ ምግብም፣ ክኒንም በአፉ አትስጡ። ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ያመጣል። በኋላ እንዲበላ ሲፈቀድለት ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በትንሽ ማንኪያ አንድ በአንድ ስጡት፤ ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተቀመጠ ይቆይ። ቀጭን ውኃ ቶሎ ስለሚያመልጥ ወፈር ያለ አጥሚት የሚሻለው በሽተኛ አለ፤ ይህንን ባለሙያው ይነግራችኋል።

ምግብ አሁን ተቀርቅሮ ቢቀር

ቁራሽ እንጀራ ወይም የሙዝ ጉራሽ ጨምሮ መግፋት ጉዳቱ ይበዛል። መብላት አቁሙና ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። ምራቅ እንኳን አልዋጥ ካለ፣ ወይም አጥንት ከተዋጠ፣ ወይም ሕፃን ልጅ ሳንቲም ወይም የሰዓት ባትሪ ከዋጠ ነገ አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ደም ያስመለሰ ወይም እንደ ሬንጅ ጥቁር ሰገራ የወጣውም ሰው እንደዚሁ።

በሌላ ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጡ «ጨጓራ» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። መቼ እንደጀመረ፣ ጠጣር ብቻ ነው ወይስ ውኃም፣ የሚቆመው ጉሮሮ ላይ ነው ወይስ ደረት ላይ፣ ክብደት ቀንሷል ወይ፣ ቃር ነበር ወይ፤ እነዚህን አምስት ነገሮች ተናገሩ። በካምፑ ኢንዶስኮፒ የለም። ወደ ሆስፒታል ሪፈር የሚጻፈውም በእነዚህ መልሶች ነው። ተራው ጊዜ ስለሚወስድ ሾርባ ብቻ እስኪቀራችሁ አትጠብቁ።