የሚቀጥለው ወር መጨረሻ መቼ ነው?

ቀኑ ጃንዋሪ 31 ቀን 2025፣ ዓርብ ነው እንበል። አንድ ሰው ስልኩ ላይ «ከነገ ወዲያ አስታውሰኝ» ብሎ ይጽፋል። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ጊዜ አመልካቹን ሐረግ ከቀረው ጽሑፍ ለይቶ ያወጣል። ቀጥሎ «ዛሬ» የሚለውን መነሻ ይይዝና ሁለት ቀን ይደምርበታል። ጃንዋሪ 33 የሚባል ቀን ስለሌለ ትርፉ ወደሚቀጥለው ወር ይሻገራል፤ መልሱም እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 2 ይሆናል።

ቀን መደመር እንዲህ ቀላል ነው። ወር ሲደመር ግን ነገሩ ይወሳሰባል፤ ምክንያቱም የወሮቹ ርዝመት እኩል አይደለም።

በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ የተለመደውን የቀን ትእዛዝ ከዚያው ዕለት ተነስቶ አንድ ወር እንዲጨምር ብናዘው፦

```
date -d "2025-01-31 +1 month" +%F
2025-03-03
```

ፌብሩዋሪ ጭራሽ ተዘለለ! ፕሮግራሙ የወሩን ቁጥር ከ1 ወደ 2 ቀይሮ ቀኑን 31 እንደሆነ ተወው። በ2025 ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ስላለው የተረፉት ሦስት ቀናት ወደ ማርች ፈሰሱ። ሌሎች ፕሮግራሞች ደግሞ ትርፉን ቆርጠው ፌብሩዋሪ 28 ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ሊገኝ ይችላል።

የወር መጨረሻን ለማግኘት አስተማማኙ ዘዴ ከኋላ መምጣት ነው። የሚፈለገው ፌብሩዋሪ ከሆነ ማርች 1 ይያዝና አንድ ቀን ይቀነሳል። በዚህ መንገድ ወሩ 28 ይሁን 29፣ 30 ይሁን 31 ፕሮግራመሩ ለየብቻ ማሰብ አይኖርበትም።

«ዛሬ» ራሱም የሚያሳስት ጊዜ አለ። አዲስ አበባ ላይ ቅዳሜ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ በግሪንዊች ሰዓት የሚሠራ ሰርቨር ገና ዓርብ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ተጠቃሚው «ነገ» ሲል እሑድን ነው፤ ሰርቨሩ የእርሱን የሰዓት ክልል ካላወቀ ግን ቅዳሜ ብሎ ይመዘግባል። ስህተቱ የሚታየው በሌሊት ሰዓታት ብቻ ስለሆነ ቀን ላይ የሚፈትሽ ባለሙያ ላያገኘው ይችላል።

ለኢትዮጵያውያን ሌላም ጥያቄ ይጨመራል፤ የትኛው ወር? ያ ዓርብ በእኛ አቆጣጠር ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። የሚቀጥለው ወር መጨረሻ እንግዲህ የካቲት 30 ነው፤ ይኸውም ማርች 9። በአውሮፓውያኑ ካላንደር የሚያሰላው ፕሮግራም ግን ፌብሩዋሪ 28 ይላል። የዘጠኝ ቀን ልዩነት ነው። ጥያቄው በነሐሴ ቢነሳ ደግሞ የሚቀጥለው ወር ጳጉሜን ስለሆነ መጨረሻው 5 ወይም 6 ላይ ይውላል፤ ወር ሁሉ 30 ቀን ነው ብሎ የተሠራ ፕሮግራም እዚህ ይሳሳታል።

የቤት ኪራይ፣ የብድር ክፍያ ወይም የቪዛ ቀጠሮ የሚመዘግብ ሰው እንግዲህ ሐረጉን ብቻ ጽፎ አይለፍ። ፕሮግራሙ የሰጠውን ቀን፣ ወርና ዓመት ከዕለቱ ስም ጋር አስተያይቶ ካረጋገጠ በኋላ ይመዝግብ።