ሁለት ጊዜ የተጠየቀ ድካም

በቡና ለቀማ ወራት፥ በአጋሮ አቅራቢያ ባለች መንደር፥ አንዲት እናት የለቀማ ቅርጫታቸውን ከወገባቸው ፈትተው ከደጃፋቸው ተቀምጠው ሳሉ፥ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን ባለ 20 ጥያቄ የአእምሮ ጤና መጠይቅ አነብላቸው ነበር። «ሁልጊዜ ድካም ይሰማዎታል?» ስላቸው «አዎን፥ ልጄ» አሉኝ፤ ጥቂት ቆይቼ «ቶሎ ይደክምዎታል?» ባልኋቸው ጊዜ ግን ቀና ብለው አዩኝና «አሁን ነገርሁህ አይደለም ወይ?» አሉኝ። ፋክተር አናሊሲስ የሚባለውን ሥሌት ለተማሪዎቼ ባስረዳሁ ቁጥር ይህ ቃላቸው ትዝ ይለኛል።

የሥሌቱ መነሻ እንዲህ ነው። የልብ ጭንቀት በዓይን አይታይም፥ በሚዛንም አይለካም፤ ነገር ግን በልቡና የተሰወረ አንድ ኅቡእ ባሕርይ ብዙ ምልክቶችን በአንድነት የሚያስነሣ ከሆነ፥ ለአንዱ ምልክት «አዎን» ያለ ሰው ለሌላውም «አዎን» ማለት ስለሚቀናው፥ ከመልሶቹ መስማማት ተነሥቶ ወደዚያ ባሕርይ መድረስ ይቻላል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ስፒርማን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1904 ይህን መንገድ የጀመረው በተማሪዎች ውጤት ላይ ነበር። የኛ 20 ጥያቄዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ሲተያዩ 190 ጥንዶች ይወጣቸዋል፤ ሥሌቱም የነዚህን ሁሉ ተዛምዶ በጥቂት ኅቡኣን ባሕርያት ለመግለጥ ይጥራል።

እያንዳንዱ ጥያቄ ለኅቡኡ ባሕርይ ያለው ቅርበት ሎዲንግ ይባላል። ለማስረዳት ያህል፥ የጭንቀት 0.8፥ የእንቅልፍ ማጣት 0.7፥ የማልቀስ 0.6፥ የራስ ምታት 0.5 ነው እንበል። በጭንቀትና በእንቅልፍ ማጣት መካከል የሚጠበቀው ተዛምዶ የሁለቱ ብዜት፥ ማለት 0.56 ነው፤ በማልቀስና በራስ ምታት መካከል ደግሞ 0.30። በቀሩትም ጥንዶች ሁሉ ከሰዎቹ መልስ የተገኘው ቁጥር ከብዜቱ ጋራ ከተቀራረበ፥ ሌላ ባሕርይ መጨመር አያሻም።

ወደ ድካሙ እንመለስ። የሁለቱ የድካም ጥያቄዎች ሎዲንግ እያንዳንዱ 0.5 ከሆነ የሚጠበቀው ተዛምዶ 0.25 ብቻ ነው፤ የተገኘው 0.75 ቢሆን ግን የተረፈው 0.50 ማብራሪያ ይሻል፥ ኮምፒዩተሩም ለዚህ ትርፍ ሁለተኛ ፋክተር ያቆምለታል። ተማሪው ይህን አይቶ «የሥጋ ሕመም» ብሎ ስም ያወጣለታል፤ ስሙን የሰጠው ግን ሰው እንጂ ሥሌቱ አይደለም። ያች እናት የነገሩኝን ለሰማ ሰው ሁለቱን መልሶች ያጣበቃቸው የቃል መደጋገም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ «ሆድዎን ይረብሽዎታል?» እና «ምግብ አልፈጭ ይልዎታል?» የሚሉትም ለዚህ ቅርብ ናቸው። መለያው ቀላል ነው፤ ከድካም ጥያቄዎች አንዱን አውጥቶ እንደገና ማስላት። ፋክተሩ ከፈረሰ የቆመው በመደጋገሙ ላይ ነበር፤ የቀረው ድካም ከራስ ምታትና ከሆድ ሕመም ጋራ እንደ ተሰባሰበ ከቆየ ግን የራሱ መሠረት አለው።

ይህም ሆኖ መከራው አያልቅም፤ ቀኑን ሙሉ እሸት ቡና ሲለቅም የዋለ ሰው ድካምና ራስ ምታት በአንድነት ቢኖሩበት፥ ኅቡእ የተባለው ምክንያት ከልቡና ሳይሆን ከቡናው ማሳ ይሆናልና፥ ይህን ደግሞ የትኛውም የሎዲንግ ሠንጠረዥ ለብቻው አይለየውም። ስለዚህ ዛሬ በመጠይቁ ራስጌ የጠየቅሁበትን ቀንና ተጠያቂው በዚያ ሳምንት ቡና መልቀም አለመልቀሙን አስቀድሜ እጽፋለሁ።