አሮጌ ዕዳን በአንድ ጊዜ ክፍያ መዝጋት፦ ከገንዘቡ መቅደም ያለበት ደብዳቤ

በዩናይትድ ስቴትስ ለዓመታት ሳይከፈል የቆየ የክሬዲት ካርድ ዕዳ ብዙውን ጊዜ ካበደረው ባንክ እጅ ይወጣል። ባንኩ ዕዳውን በኪሳራ መዝግቦ ከትክክለኛ መጠኑ እጅግ ባነሰ ዋጋ ለዕዳ ገዢ ድርጅት ይሸጠዋል። ገዢው ድርጅት ከፊሉን ብቻ በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ሒሳቡን ለመዝጋት የሚስማማውም አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ተበዳሪው ከቀሪው ዕዳ ነጻ ስለመሆኑ ማስረጃ የሚሆነው የከፈለው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን፣ ከመክፈሉ በፊት በእጁ የገባው ደብዳቤ ነው።

ድርድሩ ከመጀመሩ በፊት መጣራት ያለባቸው ሁለት ጉዳዮች አሉ። የመጀመሪያው ጠያቂው በእርግጥ የዕዳው ባለቤት ወይም ወኪል መሆኑ ነው። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት ዕዳ ሰብሳቢው ስለ ዕዳው ዝርዝር ማስታወቂያ መስጠት አለበት። ተበዳሪው ማስታወቂያው በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ ዕዳውን በጽሑፍ ከተቃወመ፣ ሰብሳቢው ማረጋገጫ እስኪልክ ድረስ ክፍያ ከመጠየቅ መቆጠብ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ይርጋ ነው። የጊዜ ገደቡ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ ለምሳሌ በሜሪላንድ በአብዛኛው ሦስት ዓመት ሲሆን፣ በቨርጂኒያ ለጽሑፍ ውል አምስት ዓመት ነው። ከ2021 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የጸናው የፌዴራል ደንብ ዕዳ ሰብሳቢዎች ይርጋ ባለፈው ዕዳ እንዳይከሱ፣ በክስም እንዳያስፈራሩ ይከለክላል። ሆኖም በብዙ ግዛቶች ጥቂት ገንዘብ መክፈል ወይም ዕዳውን በጽሑፍ ማመን ይርጋውን እንደ አዲስ ሊያስቆጥር ይችላል። ስለዚህ የድርድር ደብዳቤው ክፍያው የሚቀርበው ጉዳዩን ለመቋጨት ብቻ መሆኑንና ዕዳውን እንደማመን እንደማይቆጠር በግልጽ መናገር አለበት።

ለአብነት፣ 6,000 ዶላር የሚፈለግበት ሰው 2,400 ዶላር አጠራቅሟል እንበል። በ1,800 ዶላር ይጀምራል፤ ሰብሳቢው 3,000 ይጠይቃል፤ በመጨረሻም በስልክ በ2,400 ይስማማሉ። ሠራተኛው «ዛሬውኑ ይክፈሉ፤ ደብዳቤው ይደርስዎታል» ሲል አደጋው እዚህ ላይ ይጀምራል። ተበዳሪው አምኖ ቢከፍል፣ ገንዘቡ እንደ ከፊል ክፍያ ሊመዘገብና ቀሪው 3,600 ዶላር ለሌላ ድርጅት ሊሸጥ ይችላል። ከወራት በኋላ ሌላ ሰብሳቢ ሲደውል ተበዳሪው ስምምነቱን የሚያስረዳበት ጽሑፍ አይኖረውም።

ስለዚህ ከክፍያው በፊት የሚላከው ደብዳቤ በድርጅቱ ስም፣ ሥልጣን ባለው ሰው ተፈርሞ መውጣት አለበት። የመጀመሪያውን አበዳሪ፣ የሒሳቡን ቁጥር፣ የክፍያውን መጠንና የመጨረሻ ቀን መጥቀስ ይኖርበታል። ዋናው ዓረፍተ ነገር ግን 2,400 ዶላሩ ሲደርስ መላው ዕዳ እንደተከፈለ የሚቆጠር መሆኑን፣ ቀሪው እንደማይጠየቅ፣ እንደማይሸጥና ለሌላ እንደማይተላለፍ የሚገልጸው ነው። ሒሳቡ ቀሪ ዕዳ እንደሌለበት ለክሬዲት መዝጋቢ ድርጅቶች የሚገለጽበት ቀንም ቢካተት ይመረጣል። የፍርድ ቤት ክስ ካለ ክሱ ዳግም እንዳይቀርብ ሆኖ እንደሚዘጋ፣ ፍርድ ተሰጥቶ ከሆነ ደግሞ ዕዳው መከፈሉ ለፍርድ ቤቱ እንደሚገለጽ መጻፍ አለበት። «ሒሳቡ ይስተካከላል» የሚል ጥቅል አነጋገር ለዚህ አይበቃም።

ክፍያውን ባንክ በሚያዘጋጀው ቼክ፣ መድረሱ በሚረጋገጥበት ፖስታ መላክ ይመከራል። ሰብሳቢው በቀጥታ ከባንክ ሒሳብ እንዲወስድ መፍቀድ ከተስማሙበት በላይ ለሚወጣ ገንዘብ በር ሊከፍት ይችላል።

ስምምነቱ የማይፈታቸው ጉዳዮችም አሉ። ሒሳቡ በክሬዲት ታሪክ ላይ «ከሙሉው መጠን ባነሰ ተዘጋ» ተብሎ ሊቆይ ይችላል፤ ይሁንና መዝገቡ የሚወጣበት የሰባት ዓመት ጊዜ የሚቆጠረው ክፍያው መጀመሪያ ከተቋረጠበት ወቅት እንጂ ከስምምነቱ ቀን አይደለም። ከዚህም ሌላ የተሰረዘው 3,600 ዶላር በግብር ሕግ እንደ ገቢ ሊታይ ይችላል። የተሰረዘው ዕዳ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲሆን አበዳሪው 1099-ሲ የተባለውን ቅጽ ሊልክ ይችላል። ተበዳሪው በ12 በመቶ የግብር እርከን ላይ ካለ 432 ዶላር ይጨመርበታል ማለት ነው። ዕዳው ከመሰረዙ አስቀድሞ ጠቅላላ ዕዳው ከንብረቱ ይበልጥ ከነበረ ግን በቅጽ 982 አማካይነት፣ እስከ ልዩነቱ መጠን ድረስ፣ ከግብሩ ነጻ ሊሆን ይችላል።

ገንዘቡ ከደረሰ በኋላ ሒሳቡ መዘጋቱን የሚገልጽ ሁለተኛ ደብዳቤ መጠየቅ ይገባል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንዲሉ፣ ሁለቱ ደብዳቤዎችና የክፍያው ማስረጃ ለዓመታት አብረው ቢቀመጡ፣ የተዘጋውን ዕዳ ይዞ ለሚመጣ ሌላ ሰብሳቢ መልስ ይሆናሉ።