የሚያዋጣው ፕሮጀክቱ ነው ወይስ ብድሩ?

ለባንክ የሚቀርብ የአዋጭነት ጥናት ብዙ ጊዜ የሚጠቃለለው በአንድ ቁጥር ነው፤ በፕሮጀክቱ የተጣራ የአሁን ዋጋ። ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ከሆነ ያዋጣል፣ ከዜሮ በታች ከሆነ አያዋጣም ይባላል። ግን በዚያ አንድ ቁጥር ውስጥ ሁለት ነገሮች ተደባልቀዋል። አንደኛው ፋብሪካው አምርቶና ሸጦ የሚያገኘው ነው። ሁለተኛው ባለቤቱ የገንዘቡን ከፊል ስለተበደረ ብቻ ከግብር የሚተርፍለት ነው። ሁለቱን ለየብቻ አስልቶ በኋላ የሚደምረው ዘዴ «የተስተካከለ የአሁን ዋጋ» ይባላል። ዘዴውን በ1974 እ.ኤ.አ. ያቀረበው አሜሪካዊው የፋይናንስ ምሁር ስቱዋርት ማየርስ ነው።

ብድር ግብር የሚቀንሰው ወለድ እንደ ወጪ ስለሚያዝ ነው። በአገራችን የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ድርጅቶች ከትርፋቸው 30 በመቶ ይከፍላሉ፤ ለሥራው የተወሰደ ብድር ወለድ ደግሞ አዋጁ ባስቀመጣቸው ገደቦች ውስጥ ትርፉ ከመታወቁ በፊት ይቀነሳል። ስለዚህ ድርጅቱ ለባንኩ 100 ብር ወለድ ሲከፍል ለመንግሥት የሚከፍለው ግብር በ30 ብር ያንሳል። ይህ 30 ብር የወለድ የግብር ከለላ ነው። ለባለአክሲዮን የሚከፈል የትርፍ ድርሻ እንዲህ ያለ ጥቅም የለውም።

አንድ የካርቶን ማሸጊያ ፋብሪካ በምሳሌነት እንውሰድ። ለማቋቋም 100 ሚሊዮን ብር ይጠይቃል፤ የሚሠራው 5 ዓመት ነው እንበል። በየዓመቱ ከሽያጩ የሥራ ማስኬጃው ተቀንሶ 37 ሚሊዮን ብር በእጅ ይቀራል። የማሽኑ የእርጅና ቅናሽ በዓመት 20 ሚሊዮን ከሆነ ግብር የሚጣልበት ትርፍ 17 ሚሊዮን ነው፤ ግብሩም 5.1 ሚሊዮን ይሆናል። ለባለቤቱ 31.9 ሚሊዮን ይቀራል። እዚህ ላይ ሆን ብለን ብድር የሚባል ነገር አላስገባንም፤ ፋብሪካው ሙሉ በሙሉ በባለቤቱ ገንዘብ እንደተሠራ ነው የቆጠርነው።

ቀጥሎ ያ የ5 ዓመት ገንዘብ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ ይሰላል። ባለቤቱ ሳይበደር ገንዘቡን እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ለማዋል በዓመት 20 በመቶ ትርፍ የሚፈልግ ከሆነ፣ የሚመጣው ዓመት 1.20 ብር ለእሱ ዛሬ 1 ብር ነው። በዚህ ተመን የአምስቱ ዓመት ገቢ ዛሬ 95.4 ሚሊዮን ያወጣል። የወጣው 100 ሚሊዮን ስለሆነ ፋብሪካው ብቻውን 4.6 ሚሊዮን ብር ያጎድላል።

አሁን ብድሩ ይግባ። ባንክ 60 ሚሊዮን ብር በ16 በመቶ ወለድ ይሰጣል፤ ዋናው በየዓመቱ 12 ሚሊዮን እየተከፈለ ያልቃል። የመጀመሪያው ዓመት ወለድ 9.6 ሚሊዮን ነው፤ ከዚህ የሚገኘው የግብር ከለላ 30 በመቶው፣ ማለትም 2.88 ሚሊዮን ይሆናል። ዕዳው ሲቀንስ ወለዱም ከለላውም አብረው ይቀንሳሉ፤ በአምስተኛው ዓመት ከለላው ወደ 0.58 ሚሊዮን ይወርዳል። የአምስቱን ዓመት ከለላ በብድሩ ወለድ፣ በ16 በመቶ፣ ወደ ዛሬ ስንመልሰው 6.2 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። 4.6 ሚሊዮኑ ጉድለት ላይ ሲደመር 1.6 ሚሊዮን ትርፍ ይቀራል። ያጎድል የነበረው ፋብሪካ አዋጪ ሆነ ማለት ነው፤ ያዋጣው ግን ካርቶኑ አይደለም፣ ግብሩ ነው።

የተለመደው መንገድ ይህን አያሳይም። እሱ የባለቤቱን ትርፍና የባንኩን ወለድ በድርሻቸው አማክሎ አንድ ተመን ያወጣና ሁሉንም በዚያ ይመልሳል። ያ አካሄድ ልክ የሚሆነው ዕዳው ከፕሮጀክቱ ዋጋ ጋር ያለው ድርሻ ከዓመት ዓመት ሳይለወጥ ሲቆይ ነው። የእኛ ፋብሪካ ግን በብዙ ዕዳ ጀምሮ በ5 ዓመት ከዕዳ ነፃ ይወጣል፤ የመጀመሪያውን ቀን ድርሻ ይዞ ሁሉንም ዓመት ማስላት የብድሩን ጥቅም ያጋንናል። እየተከፈለ የሚያልቅ ብድር ላለበት ፕሮጀክት ለያይቶ ማስላት ይሻላል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለከለላው 16 በመቶ የተያዘው የዕዳው መጠን አስቀድሞ በውል ስለተቆረጠ፣ ከለላውም እንደ ወለዱ ያህል እርግጠኛ ነው ተብሎ ነው። ዕዳው ከፋብሪካው ዋጋ ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ የሚል ቢሆን ኖሮ ከለላውም የሥራውን ያህል አጠራጣሪ ስለሚሆን በ20 በመቶ መመለስ ነበረበት። ያኔ 5.8 ሚሊዮን ብቻ ያወጣል።

ስሌቱን በብዛት የሚያበላሸው ከለላውን ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። ሒሳብ ሠሪው ወለዱን ቀንሶ የመጀመሪያውን ዓመት ግብር 2.22 ሚሊዮን ብሎ ከጻፈ፣ 2.88 ሚሊዮኑ ከለላ እዚያው ገብቷል። በኋላ ለብቻው ሲደመር በእጅ የሌለ ገንዘብ ይፈጠራል። ስለዚህ የጥናቱን የግብር መስመር ማየት ይበቃል፤ በመጀመሪያው ክፍል መጻፍ ያለበት 5.1 ሚሊዮን ነው።

ሌላው ችግር ከለላ የሚገኘው የሚከፈል ግብር ሲኖር ብቻ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ገበያ ቀዝቅዞ በ37 ሚሊዮን ፈንታ 25 ሚሊዮን ብቻ ቢገኝ፣ ከእርጅና ቅናሽ በኋላ የሚቀረው ትርፍ 5 ሚሊዮን ነው። 9.6 ሚሊዮን ወለድ ይህን ትርፍ በልቶ ይተርፋል፤ በዚያ ዓመት የሚድነው ግብር 1.5 ሚሊዮን ብቻ ይሆናል። ቀሪው በኪሳራነት ወደ ቀጣይ ዓመታት ሊሸጋገር ቢችልም፣ የዘገየ ከለላ ዋጋው ያነሰ ነው። ሥራው በተዳከመበት ዓመት ከለላውም አብሮ ይዳከማል፤ ወለዱ ግን እንዳለ ይከፈላል።

የግብር እፎይታ ጉዳይ ደግሞ ብዙዎች ልብ የማይሉት ነው። ፋብሪካው የሁለት ዓመት እፎይታ ቢያገኝ በእነዚያ ዓመታት የሚከፍለው ግብር ስለማይኖር ወለዱ የሚቀንሰው ነገር የለም፤ ትልቁ ወለድ የሚከፈለው ደግሞ በእነዚያው ዓመታት ነው። የከለላው ዋጋ ከ6.2 ወደ 2 ሚሊዮን ገደማ ይወርዳል። በአንጻሩ ፋብሪካው ራሱ ከግብሩ ነፃ ስለሆነ ከ4.6 ሚሊዮን ጉድለት ወደ 3.2 ሚሊዮን ትርፍ ይሸጋገራል። ድምሩ 5.2 ሚሊዮን ነው። እፎይታው ጠቅሟል፤ ብድሩን ለግብር ብሎ ማብዛት ግን ጥቅሙ በጣም አንሷል። እፎይታውንም ሙሉ ከለላውንም የሚደምር ጥናት ተሳስቷል።

ከከለላው ላይ የሚቀነሱ የብድር ወጪዎችም አሉ፤ ባንኩ ለብድሩ የሚያስከፍለው ክፍያ፣ የመያዣ ግምትና የኢንሹራንስ ወጪ፣ ክፍያ ቢያቅት የሚመጣው ጣጣ። እፎይታ በሌለበት በመጀመሪያው ስሌታችን ባንኩ የብድሩን 3 በመቶ ቀድሞ ቢያስከፍል 1.8 ሚሊዮን ይሆናል፤ 1.6 ሚሊዮኑ ትርፍ በዚያ ብቻ ያልቃል። እንዲህ ያለውን ፋብሪካ እኔ በዚህ ዋጋ አልገባበትም። ጥናት የምታሠሩ ግን የሥራውንና የከለላውን ቁጥር በተለያየ መስመር ጻፉልኝ ብላችሁ ጠይቁ፤ የመጀመሪያው ከዜሮ በታች ከሆነ ከባንኩ ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት የማሽኑን ዋጋና የሽያጭ ግምቱን እንደገና መርምሩ።