ከስክሪንሾቱ ቁጥር ወደ ዕድል

እ.ኤ.አ. ከ1986ቱ የቻሌንጀር አደጋ በፊት በ23 በረራዎች ላይ የታየው የጎማ ቀለበት ጉዳት በሎጂስቲክ ሪግሬሽን ሲሰላ፣ ስክሪንሾቱ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ፦ መነሻው 15.0429፣ የሙቀቱ -0.2322። ኦድስ ሬሾ ከዜሮ በታች ስለማይወርድ፣ የመቀነስ ምልክቱ አምዱ ገና እንዳልተቀየረ ይነግረናል።

exp(-0.2322) 0.79 ነው። ሙቀቱ አንድ ዲግሪ ፋራናይት ሲጨምር ኦድሱ፣ ማለትም የመጎዳት ዕድል ላለመጎዳት ዕድል ሲካፈል የሚገኘው፣ በ21 በመቶ ይቀንሳል። ዕድሉ ራሱ ግን በዚያው መጠን አይቀንስም፤ ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው።

ዕድሉን ለማግኘት ሙቀቱን እናስገባ። በ70 ዲግሪ፦

```
15.0429 - 0.2322*70 = -1.21
exp(-1.21) = 0.30
0.30 / 1.30 = 0.23
```

23 በመቶ ማለት ነው። በ31 ዲግሪ ከ99 በመቶ ያልፋል፤ ነገር ግን ከእነዚያ በረራዎች አንዱም ከ53 ዲግሪ በታች ስላልተደረገ፣ ይህ ቁጥር ከመረጃው ክልል ውጭ የተዘረጋ ግምት ነው።